በጥያቄ መልክ የሚመጣ ተቃውሞ

የምመራው ቡድን ለብድርና ቁጠባ ተቋማት የሒሳብ ሶፍትዌር ይሠራል። በሳምንታዊ ስብሰባችን ላይ፣ ሥራ ከጀመሩ ብዙም ያልቆዩት ልጆች በሁሉም ነገር ይስማማሉ፤ የሚያምኑበትን የሚናገሩት ከስብሰባው በኋላ ማኪያቶ ሲጠጡ እርስ በርሳቸው ነው። ይህን ሁሉ በፍርሃት ብቻ ማብራራት አይበቃም፤ እኛ ዘንድ በመናገሩ የተቀጣ ሰው የለምና። ይልቁንም ችግሩ ያለው በንግግር ተራው ላይ ይመስለኛል። ሁሉም «እርስዎ» የሚሏቸው አንጋፋው ባለሙያችን አስቀድመው ሐሳባቸውን ከሰጡ በኋላ የሚነሣ የተለየ ሐሳብ፣ በጉዳዩ ላይ ሳይሆን በእርሳቸው ላይ የተሰነዘረ ይመስላል።

ነገሩ ጎልቶ የታየኝ የቆዩ መዝገቦችን ወደ አዲሱ ሥርዓት ለማዛወር በተዘጋጀንበት ጊዜ ነው። አንጋፋው ባለሙያ ዕቅዱን አስረድተው «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ፣ አንዲት ወጣት ባልደረባችን ዝቅ ባለ ድምፅ «ጳጉሜ ተሞክሯል?» አለች። «ተሞክሯል» የሚል መልስ ተሰጣትና ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ። መልሱ ውሸት አልነበረም፤ ሙከራው ግን የተደረገው ጳጉሜ አምስት ቀን በሆነባቸው በ2014 እና በ2016 መዝገቦች ብቻ ነበር። ልጅቱ ያየችው ኮዱ ስድስተኛውን ቀን ጨርሶ እንደማያውቀው ነው። በመሆኑም ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተከፈለ ገንዘብ መስከረም 1 ቀን 2016 እንደተከፈለ ሆኖ ይመዘገባል፤ በወቅቱ የከፈለ ተበዳሪም እንዳዘገየ ይቆጠራል። ከስብሰባው በኋላ «የትኛውን ዓመት አስበሽ ነው?» ብዬ ስጠይቃት ሁሉንም በዝርዝር አስረዳችኝ። ጥያቄዋ በጨዋነት የተሸፈነ ተቃውሞ ነበር።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ ለመነሣት በመንደርደር ላይ በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አለመውጣቱን ጠርጥሮ በጥያቄ መልክ አንሥቶት ነበር። በኩባንያው ትልቅ ስም የነበራቸው ካፒቴን ግን ወጥቷል ብለው በእርግጠኝነት መለሱለትና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ስለዚህ ልጆቹን «ድፈሩ» ብሎ ከመምከር ይልቅ የስብሰባውን አካሄድ መለወጥ መረጥሁ። ከስብሰባው አንድ ቀን አስቀድሞ እያንዳንዱ ሰው «ይህ ሥራ ቢበላሽ በምን ምክንያት ሊበላሽ ይችላል?» ለሚለው በጥቂት መስመር ጽፎ ይልክልኛል፤ ጽሑፎቹ በጉባኤው የሚነበቡት ከአዲሱ ሠራተኛ ጀምሮ ሲሆን አንጋፋው ባለሙያ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ለብቻችን ስናወራ የነገርኋቸው፣ ሌሎችን ዝም እንዳሰኙ አድርጌ ሳይሆን፣ ለውሳኔያቸው የሚያስፈልጋቸው መረጃ እየደረሳቸው እንዳልሆነ ገልጬ ነው፤ ያለማመንታት ተስማሙ። ስም ይቅር የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ እኔ አልተቀበልሁትም። ስም የሌለውን ሥጋት ማብራሪያ ልንጠይቅበት አንችልም፤ በስም መናገር አደገኛ ነው የሚለውንም እምነት ያጸናዋል። አንድን ሰው ተራ ሰጥቶ «ዛሬ አንተ ተቃዋሚ ነህ» ማለትም ቲያትር ብቻ ነው፤ የታዘዘውን መናገሩን ሁሉም ያውቃልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከበላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ምላሽ ነው። ሥጋት ሲነበብ ፍርድ ከመስጠት በፊት «የት አየኸው?» ወይም «አሳዪን» እንድንል ተስማምተናል። አንድ ወጣት የሥራው መውጫ ቀን እንዲራዘም ጠይቆ ሐሳቡ ውድቅ ሲሆን ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሌላ ሥጋት ጽፎ መጣ። ሐሳባቸው ተቀባይነት ያገኘላቸው ሰዎች መናገራቸው ብዙም አይነግረኝም፤ የተሸነፈ ሰው ተመልሶ መናገሩን ግን ከሁሉ የተሻለ መለኪያ አድርጌ ይዤዋለሁ።

የችግሮች ዝርዝር ሲረዝም የበላይ ኃላፊዎች ቡድኑ እየደከመ መስሏቸው ነበር። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉት ተመራማሪ በሆስፒታሎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የተሻለ የቡድን ሥራ ያላቸው ክፍሎች ከሌሎቹ የበዛ የመድኃኒት ስሕተት ሲመዘገብባቸው አግኝተው መጀመሪያ ተደንቀው ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ልዩነቱ የመጣው በእነዚያ ክፍሎች ስሕተት በግልጽ ስለሚነገር ሊሆን እንደሚችል ተረዱ። ሰው ሳይሸማቀቅ ሥጋቱንና ስሕተቱን መናገር መቻሉን የሚገልጸውን «የሥነ ልቦና ደኅንነት» የሚለውን ሐሳብ በሥራ ቡድኖች ላይ ያዳበሩት የ1999ኙ ጥናታቸውም ከዚሁ ጥያቄ የተነሣ ነው። ይህን ለኃላፊዎቹ ሳስረዳ ግማሾቹ ብቻ ያመኑኝ ይመስለኛል።

ያልተፈታው ጉዳይ የልጆቹን የሥራ አፈጻጸም ምዘና የምሞላው እኔ መሆኔ ነው። ጽሑፋቸውን የሚቀበለውም ደረጃቸውን የሚወስነውም አንድ ሰው ሲሆን የጽሑፉ ቃና ራሱ መለሳለሱ አይቀርም። ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ጽሑፎቹን፣ ልጆቹን የማይመዝን ሌላ ባልደረባ እንዲሰበስብና ጉባኤውንም እንዲመራ አስቤአለሁ፤ ለእኔ ከጻፉት የጠነከረ ነገር ለእርሱ የሚጽፉ ከሆነ ያን ጊዜ የምዘናውን አሠራር ራሱን ከአስተዳደር ክፍሉ ጋር መነጋገር ይኖርብኛል።