የኮር ስዊች ቅያሪ ደብዳቤ፦ ጣጣው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው

ደብዳቤዬ በመጨረሻ ተፈረመ። ሰንጋ ተራ ያለው ቢሯችን ውስጥ ያረጀውን ኮር ስዊች በቅዳሜና እሁድ ለመቀየር ፈቃድ የጠየቅኩበት ማለቴ ነው። ኔትወርክ ላይ ለምትሠሩ፣ ደብዳቤ መጻፍ ግን ሞት ለሚመስላችሁ ልምዴን ላካፍል።

መግቢያው ቀላል ነው። «ጉዳዩ፦ ኮር ስዊች ለመቀየር ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብላችሁ ምክንያቱን በሁለት መስመር አስቀምጡ። የአዲሱን ስዊች ሞዴልና ፍጥነት አባሪ ላይ ክተቱት፤ አለቃ እሱን አያነብም። ደግሞ «አገልግሎት ሊቆራረጥ ይችላል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አልወዳትም። ኮር ስዊች ሲነቀል ምኑ ይቆራረጣል? ይቆማል! «ኢንተርኔት፣ የቢሮ ስልክና የፋይል ሰርቨር ሙሉ በሙሉ ይቆማሉ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ፍዳዬን ያየሁት ሰዓቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት «ካልተሳካ ወደ ነባሩ ስዊች እንመለሳለን» የሚል ነበር። አለቃዬ ከጎኑ በእስክሪብቶ «መቼ?» ብለው መለሱልኝ። ለጊዜው ተናደድኩ። ስቀመጥ ግን ጥያቄያቸው ልክ ነው። ሌሊት ላይ ችግር ሲገጥም ሁሉም «አምስት ደቂቃ ስጡኝ፣ ላገኘው ነው» ይላል። እንዲህ እየተባለ ይነጋል። የመመለሻው ሰዓት ቀድሞ ካልተጻፈ ደክሞት የቆመ ሰው አይወስነውም።

ስለዚህ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ሥራው እሁድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። የሚዛወሩት ገመዶች 60 ናቸው። አንዱን ነቅሎ፣ ሌብሉን አንብቦ፣ ነባሩ ላይ መልሶ ለመሰካት አንድ ደቂቃ ብንይዝ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለፍተሻ ግማሽ ሰዓት፣ ለመጠባበቂያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። በድምሩ ሁለት ሰዓት። እንግዲህ የመወሰኛው ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ነባሩ ስዊች ራክ ላይ እንዳለ፣ ሳይጠፋ ከቆየ ብቻ ነው። እሱንም ደብዳቤው ውስጥ አስገባሁት።

ሌላው ጣጣ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ስንል ስዊቹ ሎግ ላይ እሁድ 02:00 ብሎ ይጽፋል። ውጭ አገር ያለ የድጋፍ ባለሙያ ደግሞ ቅዳሜን ይዞ በሌላ ቀን ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍኩ፦

«ሥራው ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት (22:00) ተጀምሮ እሁድ ንጋት 12 ሰዓት (06:00) ይጠናቀቃል። ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት (04:00) ላይ ከታች የተዘረዘሩት ፍተሻዎች ካላለፉ፣ ሌላ ፈቃድ ሳንጠብቅ ወደ ነባሩ ስዊች እንመለሳለን።»

«ሌላ ፈቃድ ሳንጠብቅ» የምትለዋን አትተዉ። በዚያ ሰዓት ማን ስልክ ያነሳል?

ፍተሻ ያልኩት ከቅያሪው በፊትና በኋላ እነዚህን ወስዶ ማነጻጸር ነው (የእኛ ሲስኮ ነው)፦

```
show interfaces status
show vlan brief
show mac address-table count
show spanning-tree root
```

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዓርብ ቀን የወሰዳችሁትን ከቅዳሜ ሌሊቱ ጋር ካነጻጸራችሁ ግማሹ ፖርት የሞተ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ባለቤቱም ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት እንደገና ውሰዱ፤ ሌሊቱን የምታነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው። የዓርቡ ለሰኞ ይቀመጥ።

አዲሱ ስዊች ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ ደግሞ ገመድ ሳይነካው `show vtp status` በሉት። የቪቲፒ ዶሜይኑ ከእናንተ ጋር አንድ ከሆነና የሪቪዥን ቁጥሩ ከበለጠ፣ ሲገናኝ የሌሎቹን ስዊቾች ቪላን ሊያጠፋ ይችላል። እኔ `vtp mode transparent` አድርጌ ነው የምገባው፤ ቁጥሩም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይሄ ግን ለደብዳቤው አይሆንም፤ ለራሳችሁ ማስታወሻ ያዙት።

የጊዜ ግምት ላይ አሁንም ደካማ ነኝ። ያቺን የአንድ ገመድ አንድ ደቂቃ እንኳ ያገኘኋት ከባልደረባዬ ጋር ትርፍ ገመድ እየሰካንና እየነቀልን ነው። ሌብል የሌለው ገመድ ካለ ግን ስሌቱ ሁሉ ገደል ይገባል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሌብል ስትለጥፉ ዋሉ።

አለቃዬ ሲፈርሙ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሠራተኛው ሲገባ አንዳችን ራኩ ጋ እንድንገኝ። እኔ ነኝ ተረኛው። የዓርቡን ዝርዝር ይዤ እገባለሁ፤ ነባሩ ስዊችም እስከ ሰኞ ምሳ ሰዓት ድረስ ከቦታው አይነሳም።