ጠፍጣፋ እግር ይዤ ለ10 ኪሎ ሜትር የሩጫ ጫማ የመረጥኩበት መንገድ

ኅዳር ላይ በአዲስ አበባ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ለመሳተፍ የወሰንኩት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሮጬ አላውቅም ነበር። እግሬ ጠፍጣፋ መሆኑን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ዝናብ ካባራ በኋላ በግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግራችን ስንራመድ የእህቶቼ ዱካ ተረከዙና የፊቱ ክፍል በቀጭን መስመር ተያይዞ ይታይ ነበር፤ የእኔ ዱካ ግን መሐሉ ምንም ሳይጎድል ሙሉ ሆኖ ያርፋል።

የመጀመሪያውን ጫማ የገዛሁት በችኮላ ነው። ሶሉ ወፍራምና በጣም ለስላሳ ስለነበረ ለእግሬ እንደሚመቸው ገመትኩ፤ አውራ ጣቴ ጫፉን ሲነካው ለሻጩ ብነግረው «እህቴ፣ ሲለምድ ይሰፋል» አለኝና አመንኩት። የሩጫ ጫማ ፊቱ በመጠኑ ይላላ እንደሆነ እንጂ ርዝመቱ አይጨምርም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ገና 4 ኪሎ ሜትር መሮጥ ስጀምር፣ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ በቅልጥሜ ውስጠኛ ጎን ያመኝ ጀመር። ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኝ ነበር፤ ኋላ ግን ደረጃ ስወርድም አልለቅ አለኝ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከኋላ ብመለከተው ሁለቱም ተረከዞች ወደ ውስጥ ጋደል ብለዋል። ለስላሳው ስፖንጅ በውስጠኛው ጎን በኩል በክብደቴ ተጨፍልቆ ኖሯል።

ያየችኝ ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ያደረገችው በጣቶቼ ጫፍ እንድቆም ማዘዝ ነው። ተረከዜን ሳነሳ የውስጠ እግሬ ቅስት ብቅ አለ፤ ይህም እግሬ ሲጫኑት የሚተኛ፣ ሲያነሱት ደግሞ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ዓይነት መሆኑን ያሳያል። በጣት ጫፍ ሲቆምም ቅስቱ የማይመለስ፣ ደርቆ የቀረ እግር ያለው ሰው፣ ወይም በአንድ እግሩ ተረከዙን ማንሳት የሚያቅተውና ቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል የሚያብጥ ሰው፣ ጫማ ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ እንዳለበት ነገረችኝ። ለእኔ ግን «ጠፍጣፋ እግር ስላለሽ ብቻ ከሁሉ ጠንካራውን ደጋፊ ጫማ አትፈልጊ» አለችኝ። በኋላ እንዳነበብኩት፣ በአሜሪካ የምድር ጦር፣ የአየር ኃይልና የባሕር ወለድ ጦር ምልምሎች ላይ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በታተሙ ጥናቶች፣ በውስጠ እግር ቅርጽ ብቻ ተመርጦ ጫማ የታደላቸው ምልምሎች የእግራቸው ቅርጽ ሳይታይ አንድ ዓይነት ጫማ ከተሰጣቸው ያነሰ ጉዳት አልደረሰባቸውም። የዱካው ቅርጽ ስለ እግሬ አንድ ነገር ቢነግረኝም፣ የትኛውን ጫማ እንደምገዛ ሊወስንልኝ አይችልም ማለት ነው።

ለሁለት ሳምንት ሩጫ አቁሜ ሕመሙ ሲለቀኝ፣ ከመግዛቴ በፊት እግሬን ቤት ውስጥ ለካሁ። ወረቀት ላይ ተቀምጬ ስለካው ግራ እግሬ 24.4 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ቆሜ ክብደቴን ሳሳርፍበት ግን 25.1 ሆነ። ቅስቱ ሲተኛ እግሩ ይረዝማል፣ ወደ ጎንም ይሰፋል፤ ስለዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማ መለካት ጠፍጣፋ እግር ያለውን ሰው በተለይ ያሳስተዋል። ቀኝ እግሬ ትንሽ ስለሚያጥር ልኬን በግራው ወሰንኩ።

ሱቅ የሄድኩት ቀኑን ሙሉ ስቆም ውዬ፣ እግሬ በመጠኑ ካበጠ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ነው፤ የምሮጥበትን ካልሲም ይዤ ነበር። እንደማንኛውም ደንበኛ ቁጥር 39 ከመጠየቅ ይልቅ፣ ከእያንዳንዱ ጫማ የውስጡን ንጣፍ እያወጣሁ ወለሉ ላይ አስቀምጬ ቆምኩበት። እኔ ከሞከርኩት ሁሉ ይህን ዘዴ አስበልጣለሁ፣ ምክንያቱም ጫማው ውስጥ የማይታየውን ነገር ገልጦ ያሳያል። በመጀመሪያው ንጣፍ ላይ የውስጠ እግሬ መሐል በውስጥ በኩል ከጠርዙ አልፎ የትንሽ ጣት ስፋት ያህል ወለሉን ነካ፤ እንዲህ ያለ ጫማ መሐሉ ጠባብ ስለሆነ እግሩን ሲፈትገው ይኖራል። በሁለተኛው ላይ ስፋቱ ቢበቃም ከረጅሙ ጣቴ ፊት የቀረው ቦታ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አይሞላም ነበር። ሦስተኛውና አራተኛው እግሬን ሙሉ በሙሉ ችለው ከፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ተረፋቸው። ሁለቱም ቁጥራቸው ከለመድኩት በላይ ነበር።

ቀጥሎ ጫማዎቹን በእጄ ፈተሽኩ። የተረከዙን ጀርባ በሁለት ጣት ስጫነው መተጣጠፍ የለበትም። ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዤ እንደ እርጥብ ልብስ ስጠመዝዘው በመጠኑ ሊቃወመኝ ይገባል፤ ሳጥፈው ደግሞ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ጫማዬ መሐሉ ላይ እንደ ካርቶን ታጥፎ ነበር። ሳልቫጅ ላይ ጥሩ ስም ያላቸው ጫማዎች ቢገኙም፣ ስፖንጃቸው በሌላ ሰው አረጋገጥ ተጨፍልቆ ቅርጽ የያዘ ስለሚሆን እኔ አልደፈርኳቸውም።

ሁለቱን የቀሩትን ጫማዎች የለየሁት ሮጬባቸው ነው። ሦስተኛው በውስጠኛው ጎኑ ጠጠር ያለ ስፖንጅ የተሠራለት ደጋፊ ጫማ ሲሆን፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከውጪው ጎን ይልቅ ይጠነክራል። ሱቁ ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ስሮጥበት ውስጠ እግሬን ከሥር ድንጋይ የሚገፋኝ መሰለኝ። አራተኛው ያ ስፖንጅ የለውም፤ መሠረቱ ግን ሰፊ ነው፣ ተረከዙንም ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። በአንድ እግሬ ቆሜ ጉልበቴን ሳጥፍ በአራተኛው ብዙም አልተወዛወዝኩም፣ የሚጎረብጠኝም ነገር አልነበረም። እሱን ገዛሁ። ሌላ ሰው በሦስተኛው ቢመቸው ምርጫው ትክክል ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚጎረብጥን ጫማ ግን ይለመዳል ብሎ መግዛት አይገባም።

አዲሱን ጫማ መጀመሪያ ለሁለት ቀን ቤት ውስጥ አደረግሁት፤ ከዚያም በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእግር ጉዞ የተቆራረጠ 2 ኪሎ ሜትር ሮጥኩበት። ተረከዜ ወደ ላይ ሲንሸራተት ማሰሪያውን በመጨረሻው ቀዳዳ አሳልፌ ሳጠብቀው ተስተካከለ። ጫማ ጡንቻን ስለማይተካም በየማታው ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሜ ተረከዜን ቀስ እያልኩ አነሳለሁ፣ ዝቅም አደርጋለሁ፤ ከ8 ጀምሬ ኅዳር ሲገባ 20 ደረስኩ። የቅልጥሜ ሕመም መስከረም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ መጣ። በዚያ ሳምንት ርቀቴን በአንድ ጊዜ ከ5 ወደ 8 ኪሎ ሜትር አሳድጌው ስለነበር ጥፋቱ ከጫማው አልነበረም፤ ወደ 5 ስመለስም በስድስት ቀን ተወኝ።

መስቀል አደባባይ የቆምኩት 190 ኪሎ ሜትር ያህል በተሮጠበት በዚያው ጫማ ነው። ሕዝቡ ስለሚበዛ መጀመሪያ ላይ ከመራመድ ብዙም የማይሻል ፍጥነት ነበረኝ፤ ዳገቶቹ ላይ ተራመድኩ፣ የቀረውን ሮጥኩ። ማታ ቤት ገብቼ ጭቃውን ካራገፍኩ በኋላ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እንደገና ከኋላ አየሁት። የሶሉ ጎማ በተረከዙ የውጪ ጠርዝ ላይ በመጠኑ አልቋል፤ ይህ ጠፍጣፋ እግር ባላቸውም ሰዎች ላይ የተለመደ ነው። ሁለቱ ተረከዞች ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል።