የድሮ ሩሲያኛ ሰነድ ስተረጉም፦ ስድስተኛው ወር

ሰላም ለሁላችሁ። ከአብዮቱ በፊት የተጻፈው ሩሲያኛ ከፈራሁት በላይ ቀለለኝ፤ የረዳኝም የኛን ፊደል መልመዴ ነው። ፀሐይ ስትወጣ «ሠረቀ»፣ ሌባ ሲወስድ «ሰረቀ» ብሎ ለተማረ ሰው፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ትርጉም ሲለዩ ማየት ብርቅ አይደለም። በድሮው ሩሲያኛ «ሚር» በአንዱ «ኢ» ሲጻፍ ሰላም፣ በሌላው ሲጻፍ ዓለም ነበር። የ1918ቱ የፊደል ለውጥ አንዱን «ኢ» አስቀርቶ ሁለቱን ቃላት በአጻጻፍ አንድ አደረጋቸው። ግእዝ «እማንቱ» እንደሚለው ለሴቶች ብቻ የሚሆን «እነሱ» ም ነበር፤ እሱም በዚያው ጊዜ ቀረ። ስለዚህ ወደ ዘመናዊው አጻጻፍ ስመልስ፣ ሰዎቹ ሴቶች መሆናቸውን በግርጌ ማስታወሻ እጽፋለሁ። አለዚያ ያ መረጃ ድምፁ ሳይሰማ ይጠፋል።

ያስቸገረኝ የሶቪየት ዘመን ምሕጻረ ቃል ነው። ባለፈው ወር ለአንድ ቤተሰብ የአያታቸውን የሥራ ቅጽ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነበር። በእጅ ጽሑፍ «ቤ/ፔ» የሚል አገኘሁ። «ቤ» ከነጥብ ጋር ብዙ ጊዜ «የቀድሞ» ማለት ስለሆነ፣ «የቀድሞ የፓርቲ አባል» ብዬ ጻፍኩት። ትክክለኛው ግን «ቤስፓርቲይኒ» ነው፤ የፓርቲ አባል ያልሆነ ማለት። በዚያ ዘመን ከፓርቲ የወጣ ሰውና ጭራሽ ያልገባ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም ነበር። ያነቃኝ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ «አባል ሆኜ አላውቅም» የሚለው መልሳቸው ነው። አሁን ምሕጻረ ቃልን ብቻውን አልፈታም፤ ቅጹን እስከ መጨረሻው አንብቤ ነው ወደ እሱ የምመለሰው።

የቅጹ ጥግ ተቀድዶ ዓመተ ምሕረቱ የለም። የታተመው ጥያቄ ኮሚኒስት ፓርቲውን «ቬ-ካ-ፔ(ቤ)» ይለዋል፤ ይህ ስም ከ1925 መጨረሻ እስከ 1952 የቆየ ነው። በእጅ የተጻፈው መልስ ደግሞ የምስጢር ፖሊሱን «ኦ-ጌ-ፔ-ኡ»ን በሥራ ላይ እንዳለ መሥሪያ ቤት ይጠቅሳል፤ እሱ በ1934 ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚሳሪያቱ «ኤን-ካ-ቬ-ዴ» ተጠቃልሏል። ስለዚህ ቅጹ የተሞላው በ1925 መጨረሻና በ1934 መካከል ነው ብዬ ገመትኩ። ከታተመው ይልቅ በእጅ የተጻፈውን አምናለሁ፤ መሥሪያ ቤቶች ስም ከተለወጠም በኋላ የተረፈ አሮጌ ቅጽ ይጠቀሙ ነበርና።

«ሴሬድንያክ» የሚለውንም መጀመሪያ በእንግሊዝኛ «መካከለኛ መደብ» አድርጌው ነበር። አንባቢው የከተማ ሠራተኛ ይመስለዋል። ቃሉ ኩላክ በሚባለው ሀብታም ገበሬና በደሃ ገበሬ መካከል ያለ ገበሬ ነው፤ ስለዚህ «መካከለኛ ገበሬ» አልኩት።

ማኅተሙ ላይ ያለውን፣ ግማሹ የተፋቀውን ምሕጻር ግን አልዘረዘርኩትም። የሚነበቡትን ፊደላት እንዳሉ ገልብጬ፣ በማዕዘን ቅንፍ «ያልተነበበ» ብዬ ለቤተሰቡ ልኬያለሁ፤ ከእርማቱ ጋር።