የብቅል ጭማቂ፣ ማርና መዳብ፦ ፕሮቲን ስለካ የተሸወድኩበት ሦስት ሳምንት

የማሽላ ብቅሉ ሥራ የት ደረሰ ላላችሁኝ፣ ይኸው መጣሁ። አሚሌዙን ከመለካት ይልቅ ፕሮቲኑን መለካት አሰቃየኝ። ሦስት ሳምንት በላብኝ።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ልበል። ነጭ ማሽላ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት አበቅላለሁ። ደሴ ብርድ ስለሆነ እህሉ ቶሎ አያጎነቁልም፣ እዚያ ግን ሞቅ ይላል። አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ፣ ውሃውን አጠንፍፌ፣ እርጥብ ጆንያ ውስጥ እተወዋለሁ። በየቀኑ አንድ እፍኝ አነሳለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ ፈጭቼ ደሴ ላቦራቶሪ ይዤ እወጣለሁ። የምፈልገው አሚሌዝ፣ ማለትም ስታርቹን ወደ ስኳር የሚሰብረው ኤንዛይም፣ በስንተኛው ቀን እንደሚበረታ ማወቅ ነው።

ለዚህ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። አንዱ የኤንዛይሙ ጉልበት ነው። ሁለተኛው ጭማቂው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ፕሮቲን ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉ በአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን ስንት ዩኒት እንዳለ ታገኛላችሁ። አካፋዩ ከተሳሳተ መልሱ ሁሉ ይበላሻል። የኔ አካፋይ ነው የተሳሳተው።

አወጣጡ ቀላል ነው። 1 ግራም የብቅል ዱቄት በ10 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የፎስፌት ባፈር (50 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 7) ግማሽ ሰዓት እያነቃነቁ ማቆየት፣ ከዚያ ሴንትሪፉጅ ማድረግና ከላይ የጠራውን መውሰድ። ክሩድ ኤክስትራክት የምንለው ይኸው ነው። «የጠራ» ስል ለዓይን ነው እንጂ ውስጡ ያልገባ የለም። ፕሮቲን አለ፣ ስኳር አለ፣ አሚኖ አሲድ አለ፣ ከገለባው የወጣ ቀለም አለ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የማሽላ ዋናው የክምችት ፕሮቲን ካፊሪን ይባላል፣ በእንዲህ ዓይነት ባፈር አይሟሟም። ስለዚህ የምንለካው የእህሉን ሙሉ ፕሮቲን ሳይሆን የሚሟሟውን ክፍል ብቻ ነው። ለአሚሌዝ ግን እሱ ይበቃል።

የጀመርኩት ቢሲኤ በሚባለው የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ነው። ምክንያቴ ሳይንሳዊ አልነበረም፤ መደርደሪያው ላይ ያልተከፈተ ኪት ስላገኘሁ ነው። ቢሲኤ ሁላችንም ትምህርት ቤት የምናውቀውን ባዩሬትን ይመስላል። አልካሊ ውስጥ ያለው መዳብ ከፕሮቲኑ ጋር ተገናኝቶ አንድ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ያንን የተለወጠ መዳብ የቢሲኤው ሞለኪውል ለሁለት ይይዘዋል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ይወጣል፤ በ562 ናኖሜትር ይነበባል። አሠራሩ እንደሚለው ሙቀቱ 37 ዲግሪ፣ ጊዜው 30 ደቂቃ ነው። እኛ ጋ 37 ላይ የሚቆም ኢንኩቤተር ሥራ ላይ አልነበረም። የውሃ ማሞቂያ ገንዳው ግን 60 ላይ ተስተካክሎ ለሌላ ሰው ሥራ ይሠራ ነበር። በ60 ዲግሪ የሚሠራ አማራጭም መመሪያው ላይ ስላለ፣ ጭማቂዬን 20 ጊዜ አቅጥኜ እዚያው ከተትኩት። ችግሩ ከዚህ ጀመረ።

ያልበቀለው ማሽላ 1.9 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ሰጠኝ። በአምስተኛው ቀን 4.1 ሆነ። ደስ አለኝ! «ሲበቅል አዳዲስ ኤንዛይም ይሠራል፣ ፕሮቲኑ መጨመሩ ያለ ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ሲያጎነቁል የማይሟሟው ክምችት ይሰባበርና የሚሟሟው በእውነት ሊጨምር ይችላል። የሸወደኝም ይህ ነው። የማይመስል ቁጥር ቢሆን ወዲያው እጠረጥር ነበር።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ግን ወረቀቴን አይቶ ፈገግ አለ። ጋሼ ነው የምለው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል።

«ይሄ ብቅል ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቀምሰኸዋል?»

«ኧረ አልቀመስኩም። ምን አደርጋለሁ?»

«ብትቀምሰው ይጣፍጥህ ነበር። የሚጣፍጥህ ነገር ነው መዳቡን የነካብህ። አብሽር፣ ማር አምጣና ሞክረው።»

ማር! በማግስቱ ከቤት ትንሽ ማር በብልቃጥ ይዤ ሄድኩ። ሦስት ቱቦ አዘጋጀሁ። በአንዱ 1 ከመቶ የማር ውሃ፣ በሁለተኛው በዚያው መጠን ነጭ ስኳር፣ በሦስተኛው ባዶ ውሃ አደረግሁ። ሁሉም ላይ የቢሲኤውን ፈሳሽ ጨምሬ 60 ዲግሪ ውስጥ 30 ደቂቃ ተውኳቸው። ውሃውና ነጩ ስኳር አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ። የማሩ ቱቦ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ማር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ አላገናኘነውም እንጂ። ቤኔዲክት የሚባለውን የስኳር ምርመራ አስታውሱ። ሰማያዊ ፈሳሽ ግሉኮስ ሲገባበትና ሲሞቅ ቀይ ይሆናል። እሱም መዳብ ነው። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና ማልቶስ መዳቡን ይቀይሩታል፤ ተራው ነጭ ስኳር ግን አይቀይረውም። ማር በግሉኮስና በፍሩክቶስ የተሞላ ነው። ብቅል ደግሞ በየቀኑ ማልቶስና ግሉኮስ እያመረተ ነው፣ ሥራው ራሱ ይኸው ነውና። ስለዚህ ቀኑ በገፋ ቁጥር ጨመረ ያልኩት «ፕሮቲን» አብዛኛው ጣፋጭ ነበር። ሙቀቱ ደግሞ ነገሩን አባሰው። በ37 ዲግሪ ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ በ60 ዲግሪ ይፈጥናል። ያ ያደነቅሁት የውሃ ማሞቂያ ገንዳ ጠላቴ ነበር።

ያንኑ ቀን የማሩን ውሃ ብራድፎርድ በሚባለው ሌላ የፕሮቲን መለኪያ ዘዴም ሞከርኩት። ቡናማ ሆኖ ቀረ፣ ንቅንቅ አላለም።

ብራድፎርድ ከመዳብ ጋር ጉዳይ የለውም። ማሪዮን ብራድፎርድ በ1976 ያቀረበው ዘዴ ነው። ኩማሲ ብሪሊያንት ብሉ ጂ-250 የሚባለው ቀለም አሲድ ውስጥ ቡናማ ይመስላል። ከፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ በ595 ናኖሜትር ይነበባል። የሚጣበቀው በዋናነት አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ነው። ስኳር አይማርከውም። ፈጣንም ነው። 50 ማይክሮ ሊትር ናሙና፣ 1.5 ሚሊ ሊትር ቀለም፣ አሥር ደቂቃ፣ አለቀ። ፈሳሹን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትጠቀሙ፤ ይሙቅ። ከናሙናው ጋር ከቀላቀላችሁት በኋላም ሳታነቡት ከአንድ ሰዓት በላይ አታቆዩት። ኩቬቱ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ በኤታኖል እጠቡት፣ የሚጣል ፕላስቲክ ካላችሁ ግን እሱ ይሻላል።

ጭማቂዬን 5 ጊዜ አቅጥኜ በብራድፎርድ ደገምኩት። ያልበቀለው 1.5፣ አምስተኛው ቀን 1.3 ሆነ። ጨመረ ያልኩት እንዲያውም ትንሽ ቀነሰ።

እዚህ ላይ «በቃ፣ ብራድፎርድ አሸነፈ» ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ደስ አላለኝም። ብራድፎርድም የራሱ አመል አለው። በጣም ትንንሽ ቁርጥራጮችን፣ ሲበቅል ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የሚወጡትን ፔፕታይዶች፣ አይቆጥራቸውም። በዚያ ላይ ማወዳደሪያ ስታንዳርድ ያደረግኩት የከብት ሴረም አልቡሚን ነው፤ እሱ ደግሞ ለኩማሲ ከብዙ ፕሮቲኖች ይልቅ ደማቅ ቀለም ይሰጣል። ስለዚህ የኔ ናሙና ከእውነቱ አንሶ ሊታይ ይችላል። አንዱ አብዝቶ፣ አንዱ አሳንሶ ይሆን?

ይህን ለመለየት ስኳሩን አስወግጄ በቢሲኤ እንደገና ለካሁ። መንገዱ ይህ ነው። ከጭማቂው ግማሽ ሚሊ ሊትር ላይ ያንኑ ያህል ቲሲኤ የሚባል 20 ከመቶ አሲድ ጨመርኩ፣ ግማሽ ሰዓት በረዶ ላይ ተውኩት። ፕሮቲኑ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ስኳሩ ከላይ ይቀራል። ሴንትሪፉጅ አድርጌ የላዩን ደፋሁ። ዝቃጩን በቀዝቃዛ አሴቶን ሁለት ጊዜ አጠብኩ፣ አሴቶኑ እስኪተን ጠበቅሁ፣ በግማሽ ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሟሁት። ስታንዳርዱንም በዚያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሠራሁት፣ ይህን አትርሱ። ፕሮቲኑ በመንገድ ላይ ፈስሶብኝ እንዳይሆን ደግሞ 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር የሆነ አልቡሚን በዚሁ ሂደት አሳለፍኩ፤ 0.94 መልሶ ሰጠኝ። በቂ ነው። (የመጀመሪያው ቀን መብራት ሴንትሪፉጁ መሃል ላይ ሄደ፣ እንደገና ጀመርኩ። ደሴ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።)

ውጤቱ? የአምስተኛው ቀን ብቅል በቢሲኤ 4.1 የነበረው 1.6 ሆነ።

አሁን አካፍሉት። የዚያ ቀን አሚሌዝ 82 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነበር። በመጀመሪያው ቢሲኤ ሲካፈል 20 ዩኒት በሚሊግራም ይሆናል። በብራድፎርድ 63። ስኳሩ በወጣለት ቢሲኤ 51። በ51ና በ63 መካከል ያለው ልዩነት ያናድዳል እንጂ አይገድልም፤ ስታንዳርዱ ሊያመጣው የሚችለው ዓይነት ነው፣ ቀኖቹን እርስ በርስ ሳወዳድርም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። 20 ግን ሌላ ታሪክ ይነግራል። ያንን ይዤ ብቀጥል ኖሮ «ሦስተኛው ቀን ከአምስተኛው ይበልጣል» ብዬ ልጽፍ ነበር። የቀነሰው ኤንዛይሙ አይደለም፣ ያበጠው አካፋዩ ነው።

እንግዲህ ለብቅል ብራድፎርድን መርጫለሁ። የመረጥኩት ግን ለብቅል ነው። አንድ ጓደኛዬ ከበግ ጉበት ሽፋን ላይ ፕሮቲን ያወጣል፤ ባፈሩ ውስጥ ትራይተን የሚባል ዲተርጀንት አለ። እሱ ብራድፎርድ ቢጠቀም ዲተርጀንቱ ራሱ ቀለሙን ሰማያዊ ያደርግበታል፣ ባዶው ቱቦ እንኳ ሰማያዊ ይሆናል። ለእሱ ቢሲኤ ነው የሚሻለው። ግን ዲቲቲ ወይም መርካፕቶኢታኖል ባፈሩ ላይ እንዳይጨምር፣ እነሱም እንደ ስኳሩ መዳቡን ይቀይሩታል። ኢዲቲኤ ከበዛም መዳቡን አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ፕሮቲን የሌለበትን የራሳችሁን ባፈር በሁለቱም ዘዴ ለኩት። ብዙ ጊዜ አይፈጅም። የባፈሩን ችግር ያወጣላችኋል። የኔን ዓይነቱን ግን አያወጣም፣ ስኳሩ ከናሙናው ጋር ነውና የመጣው። ለዚያ የማሩን ሙከራ፣ ወይም ናሙናችሁን አንድ ሌሊት ዲያሊሲስ አድርጋችሁ፣ ማለትም ስኳሩን በቀጭን ሽፋን አስወጥታችሁ፣ በፊትና በኋላ መለካት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቀይ ማሽላ ገብቻለሁ፣ እዚያ ደግሞ ታኒን አለ። ጭማቂው ሻይ መስሎ ነው የሚወጣው። ታኒኑ መዳቡን ይነካል፣ ፕሮቲኑንም ይይዘዋል። ከፊሉ ገና ሴንትሪፉጅ ላይ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል፣ ያን ጊዜ የትኛውም ዘዴ አያገኘውም። ባፈሩ ላይ 2 ከመቶ ፒቪፒፒ ጨምሬ ታኒኑን ቀድሜ ለመያዝ እየሞከርኩ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ያለ ፒቪፒፒ በብራድፎርድ ደፈረሰብኝ፤ 5 ጊዜና 10 ጊዜ ያቀጠንኳቸውም ወደ አንድ ቁጥር አልመጡም። ዛሬ ጠዋት በፒቪፒፒ ያወጣሁት ከፊቱ ነጣ ብሏል። ከሰዓት አነበዋለሁ።