ሊቆም ሲል የሚራገጠው ፍሬን

ባለፈው ክረምት ጂማ ውስጥ ወደምሠራበት ጋራዥ አንዲት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ገባች። ሾፌሩ ከአጋሮ በኩል ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ያቀረቡት አቤቱታ አጭር ነበር፤ «ፍሬን ስይዝ መርገጫው መልሶ እግሬን ይመታኛል፣ ከሥር ይንገጫገጫል፣ መኪናዋም መቆም በሚገባት ቦታ አትቆምም።» ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት እዚሁ ከተማ ሌላ ጋራዥ ገብተው የፊት ሸራዎቹን፣ ሁለቱን ዲስኮችና የፍሬን ማስተሩን በአዲስ አስቀይረዋል። ችግሩ ግን እንደነበረ ሲመለስባቸው «ኤቢኤስ ለእኛ መንገድ አልተሠራም፤ ፊውዙን ነቅሎ መገላገል ነው» የሚል ምክር ተሰጥቷቸዋል። ኤቢኤስ ፍሬን በኃይል ሲያዝ መንኮራኩሮቹ ተቆልፈው፣ ማለትም መዞራቸውን አቁመው፣ እንዳይንሸራተቱ የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። እሳቸውም ወደ እኔ የመጡት ጥፋቱ እንዲፈለግላቸው ሳይሆን ያንን ፊውዝ እንድነቅልላቸው ነበር።

እኔ ግን ፊውዙን ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ የሚመታዎት በፍጥነት እየሄዱ ድንገት ሲይዙ ነው ወይስ ቀስ ብለው ሊቆሙ ሲሉ?»

«በፍጥነት ስይዝማ ደኅና ነው» አሉኝ። «እዚሁ ጂማ መርካቶ ውስጥ ባጃጅ ፊቴ ሲቆም፣ እኔም ቀስ ብዬ ልቆም ስል፣ ያኔ ነው የሚጀምረው። አስፋልቱ ደረቅ ሆኖ እንኳ ይመታኛል።»

ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ጥቆማ አያስፈልግም ነበር። ሦስት ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ይህ ጥያቄ ለምን እንዳልተጠየቀ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ጥያቄው ለምን ያን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት ኤቢኤስ መንኮራኩር መቆለፉን የሚያውቅበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ሙሉ ኃይል ቢያዝ እንኳ ለመቆም ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ክብደቱ በጎማና በመንገድ መካከል ካለው መያዝ በላይ በፍጥነት እንዲቆም አይፈቅድለትም። መንኮራኩሩ ለብቻው ግን ቀላል ስለሆነ ፍሬኑ ከመንገዱ መያዝ በልጦ ከጨበጠው በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ መዞሩን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ የኤቢኤሱ ኮምፒውተር የአራቱን መንኮራኩሮች ፍጥነት ያለማቋረጥ እያነጻጸረ መኪናው በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ይገምታል፤ ከዚያ አንደኛው መኪናው ራሱ ሊቀንስ ከሚችለው በላይ በድንገት ሲቀንስና ከሌሎቹ ወደ ኋላ ሲቀር «ይህ ሊቆለፍ ነው» ብሎ ይወስናል። የመንገዱን እርጥበትም ሆነ የጎማውን መንሸራተት በቀጥታ የሚያይበት ዓይን የለውም። ስለ መንኮራኩሮቹ የሚያውቀው ሁሉ የሚመጣለት ከአራቱ የፍጥነት ሴንሰሮች ነው።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ሦስት ሥራዎች ይከተላሉ። በመጀመሪያ ወደዚያ መንኮራኩር የሚሄደውን የፍሬን ዘይት የሚያስገባው ቫልቭ ይዘጋል፤ ሾፌሩ የቱንም ያህል ቢረግጥ ግፊቱ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ይህ ካልበቃ መውጫው ቫልቭ ተከፍቶ ግፊቱ በጥቂቱ ይለቀቅና መንኮራኩሩ እንደገና መዞር ይጀምራል። ከዚያ ግፊቱ ይመለሳል። ዙሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ የተለቀቀውን ዘይት የኤቢኤሱ ፓምፕ መርገጫው ወደሚገፋው ማስተር ሲመልሰው ነው መርገጫው ከሾፌሩ እግር ሥር የሚራገጠው። የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ መንኮራኩሩ በጥቂቱ እየተንሸራተተ መዞሩን እንዲቀጥል ማድረግ ነው፤ የተቆለፈ ጎማ በአስፋልት ላይ፣ በተለይም እርጥብ ሲሆን፣ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከዚያም የሚብሰው ወደ ጎን የመያዝ አቅሙን ማጣቱ ነው፤ የፊት ጎማዎች ከተቆለፉ መሪው የቱንም ያህል ቢጠመዘዝ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

እንግዲህ ኤቢኤስ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ በእግረኛ ፍጥነት ገደማ፣ ፍሬኑ በለስላሳው ተይዞ ሳለ የሚነሣበት ጤነኛ ምክንያት የለም። ከተነሣ አንዱ ሴንሰር ለኮምፒውተሩ ያልሆነውን እየነገረው ነው ማለት ነው።

በዚያች ፒክአፕ ላይ ያሉት ሴንሰሮች የቆየው ዓይነት ናቸው፤ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ሲሆን ከፊቱ ከመንኮራኩሩ ጋር የሚዞር ጥርሳም ቀለበት አለ። እያንዳንዱ ጥርስ በማግኔቱ ፊት ሲያልፍ ሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ኮምፒውተሩ ሞገዶቹን ቆጥሮ ፍጥነቱን ያውቃል። ቀለበቱ 48 ጥርስ ቢኖረውና የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ቢሆን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ 360 የሚያህሉ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ 60 የሚያህሉ ሞገዶች ይመጣሉ። ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም። ነገር ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ የሞገዱ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል፤ በሴንሰሩና በጥርሱ መካከል ያለው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት በትንሹ ከሰፋ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። መኪናው ሊቆም ሲል አራቱም ሴንሰሮች ጸጥ ማለታቸው የተለመደ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ይህን እንደ ብልሽት አይቆጥረውም። አንደኛው ከሌሎቹ ቀድሞ ጸጥ ካለ ግን ነገሩ ልክ እንደ ተቆለፈ መንኮራኩር ሆኖ ይታየዋል፤ ስለዚህ ሾፌሩ የሚፈልገውን ግፊት ይለቅበታል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤቢኤስ መብራት ያልበራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ የለም፣ የተመዘገበ ብልሽትም የለም። የቀድሞው ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ምንም አላሳየም» ያለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያሳየው ስካነር የተነበበው መኪናዋ ቆማ ሳለ ነበር።

ስካነሩን ሰክቼ ረዳቴን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥኩትና ግቢው ውስጥ ቀስ ብለው እንዲነዱ አደረግሁ። ረዳቴ የአራቱን ፍጥነት ጮክ ብሎ እያነበበ ሳለ ሦስቱ 12 ላይ ሆነው የቀኝ ፊቱ በአንድ ጊዜ ዜሮ ገባ፤ በዚያው ቅጽበት መርገጫው ተራገጠ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንሥተን የሁለቱን የፊት ሴንሰሮች ሽቦ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ለካን፤ እኩል ሆነ። በዚህ ብቻ የሚያቆም መካኒክ «ሴንሰሩ ደኅና ነው» ይላል። ሆኖም ተቃውሞው የሚናገረው ሽቦው አለመበጠሱን እንጂ ሞገድ መስጠቱን አይደለም። ስለዚህ መልቲሜትሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት አዙረን ሁለቱን መንኮራኩሮች በተቀራራቢ ፍጥነት በእጃችን አሽከረከርናቸው፤ የግራው ግማሽ ቮልት ገደማ ሲሰጥ የቀኙ የዚያን ሲሶ እንኳ አላደረሰም።

ሴንሰሩን ስፈታው የሆነው ሁሉ ግልጽ ሆነ። በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ዝገት አብጦ፣ በዝገቱ ላይ የጂማ ቀይ ጭቃ ደርቆ፣ ሴንሰሩን ከቀለበቱ ወደ ላይ ገፍቶታል። የማግኔቱ ጫፍ ደግሞ በደቃቅ የብረት ብናኝ ተሸፍኖ ጠጉር ያበቀለ ይመስል ነበር። ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፈገፈግሁት፣ ብናኙን ጠረግሁ፣ የቀለበቱን ጥርሶች አንድ በአንድ አይቼ ስንጥቅ አለመኖሩን አረጋገጥሁ፣ ሴንሰሩንም በቦታው አጥብቄ መለስሁት። አንድም አዲስ ዕቃ አልተገዛም። ሞገዱ ከግራው ጋር እኩል ሆነ፤ ስካነሩ ላይም አራቱ ፍጥነቶች እስከ መጨረሻው አብረው ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለጣለ ለሙከራ ከከተማው ወጣ ብሎ ጭር ያለ አስፋልት ላይ ሄድን። ቀስ ብለው ሲቆሙ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ ከኋላ ማንም አለመኖሩን አይቼ በ50 ላይ «አሁን በሙሉ ኃይልዎ ይርገጡ» አልኋቸው። ረገጡ፤ መርገጫው ተራገጠ፤ እሳቸውም ወዲያው እግራቸውን አነሡ።

«አሁንም አለ!» አሉ ተቆጥተው። «ምኑን ነው የሠራኸው?»

«ጋሼ፣ ይሄኛው ትክክለኛው ነው» አልኋቸው። «መንገዱ እርጥብ ነው፣ እርስዎም በኃይል ረግጠዋል፤ ጎማው ሊቆለፍ ሲል ኤቢኤሱ አስጥሎታል። እግርዎን ካነሡ ግን ፍሬኑን የተውት እርስዎ ነዎት። ይርገጡና አይልቀቁ፤ መሪውንም ወደ ፈለጉበት ያዙሩ።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሲረግጡ እግራቸውን አጽንተው መሪውን በትንሹ ወደ ግራ አዞሩ፤ መኪናዋም ፍሬን እንደተያዘ ታዘዘችላቸው። ብዙ ሰው በእውነተኛ አደጋ ጊዜ መርገጫው ሲመታው ደንግጦ እግሩን ያነሣል፤ ለእኔ ከሴንሰሩ ዝገት ይልቅ ይህ የበለጠ ያሳስበኛል። እሳቸውም ያለ ምክንያት ሲመታቸው ስለከረመ እግር ማንሣትን ተለማምደው ነበር።

ስንመለስ ስለ ፊውዙ ያነሡት ክርክር ግን ባዶ አልነበረም። «ወደ ውስጥ ስገባ ጠጠር ነው፤ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ አርቆ ያቆመኛል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። በልል ጠጠር ላይ የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠሩን ቆልሎ ራሱን ያግዳል፤ ኤቢኤስ ጎማው እንዲዞር ሲያደርግ ያ ቁልል አይፈጠርም፤ ስለዚህ መቆሚያው ርቀት ሊረዝም ይችላል። ይህን አልካድኋቸውም። ሆኖም በዚያው ጠጠር ላይ ጎማዎቹ ከተቆለፉ ኩርባ ማዞር እንደማይችሉ ነገርኋቸው። በተጨማሪም በብዙ አዳዲስ መኪናዎች በፊትና በኋላ መካከል የፍሬን ኃይል የሚያከፋፍለው ያው የኤቢኤሱ ክፍል ነው፤ ፊውዙ ከተነቀለ ቡናውን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ፒክአፕ በኃይል ሲያዝ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ተቆልፈው ጀርባው ሊዞር ይችላል። ለጠጠሩ የሚሆነው መድኃኒት ፍጥነት መቀነስና ርቀት መጠበቅ ነው።

ፊውዙ በቦታው ቀረ። ሾፌሩ ስለ ዲስኮቹና ስለ ማስተሩ ወጪ ወደ ቀድሞው ጋራዥ ሄደው ሲጠይቁ «የተቀየረው ሁሉ አርጅቶ ነበር» ተብለው ተመለሱ፤ የድሮዎቹ ዲስኮች ግን ፒክአፑ ላይ ከኋላ ተጥለው ስለነበር ውፍረታቸውን ለክቼላቸዋለሁ፤ ገና ብዙ ይሠሩ ነበር።