ቃለ ጉባኤውን ነገ ማን ይከፍተዋል?

በመሥሪያ ቤታችን የማኔጅመንት፣ የግዢ ኮሚቴና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራውን ስረከብ ሁሉም በአንድ ፎርም ነበር የሚጻፈው፦ አጀንዳ፣ ውይይት፣ ውሳኔ። አሁን ግን አጻጻፉን የምመርጠው አንድ ነገር ጠይቄ ነው። ይህን ወረቀት ነገ የሚከፍተው ማን ነው? ምን ፈልጎ?

የሰኞውን የማኔጅመንት ቃለ ጉባኤ የሚከፍቱት ራሳቸው ተሰብሳቢዎቹ ናቸው። የሚፈልጉት ሥራው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደያዘውና እስከ መቼ እንደሚያልቅ ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ብቻ በሠንጠረዥ አሰፍራለሁ፤ ከአንድ ገጽ አያልፍም። «ክትትል ይደረግ» ተብሎ ሊታለፍ ሲል እጄን አወጣለሁ፦ «ይቅርታ፣ ይሄን ማን ይያዘው?» ስም የሌለው ውሳኔ በሚቀጥለው ሰኞም እዚያው ይገኛል።

የግዢ ኮሚቴው ግን ሌላ ነው። እሱን የሚከፍተው ኦዲተር ነው፣ ያውም ከዓመት በኋላ። አንድ ጊዜ ለፕሪንተር ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ቀረበና ኮሚቴው ዝቅተኛውን ዋጋ ትቶ ሁለተኛውን መረጠ። ውሳኔውን ብቻ ብጽፍ ኖሮ ነገሩ አድልዎ ይመስል ነበር። ስለዚህ ምክንያቱን በሐተታ ጻፍኩት፦ የግዢ ጥያቄው የአንድ ዓመት ዋስትና ይላል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ድርጅት ደግሞ በፕሮፎርማው ላይ ዋስትና አላሳየም። አንድ አባል «ደብዳቤ ጽፈን እንጠይቀው» ብለው በልዩነት ፈርመው ነበር፤ የልዩነት ሐሳባቸውንም ከነምክንያቱ አስገባሁ። ኦዲተሩ ሲመጣ «ለምን?» ላለው መልሱ እዚያው ነበር። ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ማን ምን መለሰለት የሚለውን ግን አልጻፍኩም። ለኦዲተሩ የሚያስፈልገው ምክንያቱ ነው።

ቃል በቃል የምጽፈው በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚሰጥን ቃል ነው። ውሳኔው ይግባኝ ሊባልበት ይችላልና፣ ምስክሩን በዓይኑ ያላየ ሰው በዚያ ወረቀት ብቻ ይፈርዳል። አንድ ጥበቃ «ሲንገዳገድ አየሁት» ብሎ መሰከረ። «ሰክሮ አየሁት» ብሎ ማሳጠር ቀላል ነው። ግን ሰውየው ታሞም ሊሆን ይችላል። ያየው መንገዳገዱን ነው፤ ሰክሯል ወይስ አልሰከረም የሚለው የኮሚቴው ፍርድ ነው። ስለዚህ ጥያቄውንም መልሱንም እንደወረደ እጽፋለሁ። እጄ ካልደረሰ «አንዴ ይቆዩኝ» እላለሁ። በመጨረሻ ቃሉን አነብለታለሁ። ላርመው ካለ የመጀመሪያውን አልሰርዝም፣ እርማቱን ከሥር ጽፌ በየገጹ አስፈርማለሁ።

ምስክሮቹ ወጥተው ኮሚቴው ብቻውን ሲመክር ቃል በቃል መጻፌን አቆማለሁ። እያንዳንዱ ቃሌ ይመዘገባል ብሎ የሚያስብ አባል ሐሳቡን በነፃነት አይናገርም። ከዚያ ክፍል የማስቀረው የተረጋገጠውን ፍሬ ነገር፣ የተጠቀሰውን ደንብና የውሳኔ ሐሳቡን ነው። ድምፅ መቅዳትም ቢሆን ለምስክርነቱ ብቻ፣ ያውም ለሁሉም አስታውቄ ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ለሰኞው ስብሰባ ይህን ያህል ጊዜ የሚያጠፋ ምክንያት አላየሁም።