«ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ»

የሦስተኛ ዓመት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ ለአንድ የትንተና ድርሰት 18 ከ30 አገኘሁ። መምህሩ ውጤቱን እንደገና እንዲያዩልኝ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ነገሩን አበላሸው፣ ሁለተኛው አስተካከለው። በመሃል ያለፈውን ጊዜ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግረኝ አጥቼ ነው። ሲኒየሮቼን ስጠይቅ ግማሾቹ «ተዪው፣ ቂም ይይዙብሻል» አሉኝ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ችግርሽን ዘርዝሪላቸው፣ ያዝናሉ» አሉኝ። እኔም የሁለተኞቹን ሰማሁ።

ድርሰቱ ስለ ፍቅር እስከ መቃብሩ ጉዱ ካሳ ነበር። ሐሳቤ አጭር ነው፦ ደራሲው ሥርዓቱን የሚነቅፈውን ቃል ሰዉ እንደ እብድ በሚያየው ሰው አፍ ውስጥ ያስቀመጡት ሆን ብለው ነው። ጉዱ ካሳ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፣ ስለዚህ ቤታቸው ገብቶ መናገር ይችላል። «ጉዱ» መባሉ ደግሞ ለሚሰሙት ማምለጫ ይሆናቸዋል። ነቀፋውን ይሰማሉ፣ ግን መልስ መስጠት አያስፈልጋቸውም። ለዚህ ሐሳብ ስድስት ገጽ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታሪኩን ተረክሽልኝ እንጂ አልተነተንሽም» የሚል ተጽፎበታል። ነጥቡ በአራት ተከፍሏል፦ ለመከራከሪያ ሐሳብ 7 ከ10፣ ለማስረጃና ትንተና 3 ከ10፣ ለአደረጃጀት 4 ከ5፣ ለቋንቋ 4 ከ5። ሦስቷ አንገበገበችኝ።

ማታውኑ ማመልከቻ ጻፍኩ። ማመልከቻ ስንጽፍ የምናውቀው አንድ መልክ ነው፤ ቀበሌ ስንሄድ የምንጽፈው። ከላይ ቀን፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦ ውጤት እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ»፣ ከዚያ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት»። ሌሊት ሌሊት እንዳነበብኩ ጻፍኩ። ዶርማችን መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ እንደነበር ጻፍኩ። ነጥቤ ከቀነሰ ቤተሰቤ እንደሚያዝንብኝ ጻፍኩ። «እንደ አባት ሆነው እንዲያዩልኝ» ብዬ ጨረስኩ። ከታች በግራ በኩል «ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ» አከልኩበት። የጻፍኩት ደብዳቤው ወግ እንዲይዝ ብዬ እንጂ ልከሳቸው አልነበረም።

የሰሌዳው ማስታወቂያ «ቅሬታ ያለው ተማሪ በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ያቅርብ» ይላል። እንደተባለው አደረግኩ። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማህተም መታችበት፣ ቁጥር ሰጠችው። «መቼ ልመለስ?» ስላት «እንጠራሻለን» አለች። ማንም አልጠራኝም። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። በአምስተኛው ቀን ስሄድ «መርተውታል፣ ወጥቷል» ተባልኩ። ወዴት እንደወጣ የሚያውቅ የለም። በዘጠነኛው ቀን ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ የተከመሩትን የስም መቆጣጠሪያዎች አነሳች፤ ማመልከቻዬ ከሥራቸው ተኝቷል። ጥጉ ላይ «ለመምህሩ፣ አስተያየትዎን ይስጡበት» ተብሎ ተፈርሞበታል። ከተፈረመ ስምንት ቀን ሆኖታል። ከእሷ ጠረጴዛ እስከ መምህሩ ቢሮ አንድ ደረጃ መውጣት ብቻ ነበር። ይቅርታ እንኳን አላለችኝም።

በነዚያ ቀናት ውስጥ የመጨረሻው ፈተና አለቀ፣ የኮርሱ ውጤትም ወደ ሬጅስትራር ሄደ።

ደብዳቤውን ይዤ መምህሩ ጋ ስገባ ቀድመው ያዩት ግልባጩን ነው። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን ሳታናግሪ ለአለቃዬ?» አሉኝ። አፈርኩ። አንብበው ሲጨርሱ ደብዳቤውን ወደኔ መለሱት። «ስለ አንቺ ሁሉንም ነገርሽኝ» አሉ። «ስለ ድርሰቱ አንድ ቃል የለበትም። ምኑን ነው ደግሜ የማየው?»

የሰደቡኝ መስሎኝ ነበር የወጣሁት። ዶርም ገብቼ ማመልከቻውን ሳነበው ግን እውነታቸውን ነው። «ጉዱ ካሳ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

በማግስቱ ድርሰቴን በሁለት ቀለም አሰመርኩበት። በልብ ወለዱ ውስጥ የሆነውን ብቻ የሚናገር ዓረፍተ ነገር በአረንጓዴ፣ ደራሲው ምን እንዳደረጉና ለምን እንዳደረጉት የሚናገር በሰማያዊ። መለያው ቀላል ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሳይከራከር «አዎ» የሚለው አረንጓዴ ነው። «በምን አወቅሽ?» ብሎ የሚጠይቅበት ሰማያዊ ነው። ለምሳሌ «ጉዱ ካሳ በፊታውራሪ ቤት ሥርዓቱን ይነቅፋል» አረንጓዴ ነው። «እብድ መባሉ ነቀፋው እንዲሰማ በር ይከፍትለታል፣ እንዲታመን ግን አይፈቅድም» ሰማያዊ ነው።

ከ11 አንቀጽ አራቱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኑ። በዛብህ ማንኩሳን ትቶ እንዴት ዲማ እንደደረሰ አንድ ገጽ ተርኬያለሁ፤ ለመከራከሪያዬ ምንም አይሠራም። የመምህሩ ምሬት ያኔ ገባኝ። ይህን ታሪክ መጽሐፉን ያልገለጠ ሰው ሁሉ ከወጋየሁ ንጋቱ የራዲዮ ትረካ ያውቀዋል። እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ ከየተማሪው እንደገና ይተረክላቸዋል። ግን አንቀጽ 6 እና 9 ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበሩ። ከአራት አረንጓዴ አንቀጾች በኋላ ስለመጡ ሳይታዩ ያለፉ መሰለኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ነው። ግልባጭ የለውም። ዋናው ክፍል ይህ ነበር፦

«በአስተያየትዎ እንደጠቆሙት አንቀጽ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ትረካ ናቸው፤ በነሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። እንደገና እንዲያዩልኝ የምጠይቀው አንቀጽ 6 እና 9ን ብቻ ነው። በአንቀጽ 6 የገጸ ባሕርይው ቅጽል ስም በሰሚዎቹ ላይ የሚሠራውን ሥራ ከሁለት ንግግሮች ጋር አያይዣለሁ። በአንቀጽ 9 ዝምድናው ከነቀፋው ጋር የሚፈጥረውን ግጭት አሳይቻለሁ። እነዚህ በማስረጃና ትንተና ሥር የሚታዩ ከሆነ ያንን ነጥብ እንዲመለከቱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

የድርሰቱን ቅጂ ሁለቱን አንቀጾች በእርሳስ አክብቤ አያያዝኩት። ምን ያህል እንዲጨመርልኝ አልጻፍኩም። የጓደኛዬንም ውጤት አላነሳሁም፤ አንዳንዱ «እሷ 24 አግኝታ» ይላል። እንዲህ ስትሉ መምህሩ የሚያነሳው የእሷን ወረቀት ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያው የፈለገውን ይበል፣ እኔ የምላችሁ መጀመሪያ መምህሩ ቢሮ በእግራችሁ ሂዱ ነው። ወረቀቱ በተመለሰ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ፣ ውጤቱ ሬጅስትራር ሳይገባ። ደብዳቤውን በእጃችሁ ስጡ፣ ቀን ጻፉበት፣ አንድ ኮፒ አስቀሩ። ጽሕፈት ቤቱ መምህሩ እምቢ ካለ በኋላ ይደረስበታል።

መምህሩ ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀመጡና አንቀጽ 6ን ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ይሄማ ትንተና ነው» አሉ። አንቀጽ 9 ላይ ግን ተከራከሩኝ። ዝምድናውን አነሳሽ እንጂ ነቀፋውን እንዴት እንደሚለውጠው የሚያሳይ አንድም ንግግር አልጠቀስሽም አሉኝ። ስፈልግ እውነትም የለም። መጽሐፉን ስለማውቀው ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት መስሎኝ ነበር። ሦስቷ ስድስት ሆነች፣ 18ቱ 21።

ውጤቱ አስቀድሞ ስለተላለፈ የማሻሻያ ቅጽ ያስፈልግ ነበር። የመምህሩ ፊርማ፣ የኃላፊው ፊርማ፣ የዲኑ ፊርማ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያን ግልባጭ ባልጽፍ፣ ያቺንም ጠረጴዛ ባላምን ኖሮ በዚያው ቀን በቀይ እስክሪብቶ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ። ከአንቀጽ 6 ጎን ያለውን ጥያቄ ምልክት ሰርዘውታል። ከላይ ያለውን «ታሪኩን ተረክሽልኝ» ግን አልነኩትም።